በውርስ የተገኘ ቤትና ይዞታ ለመሸጥ የተሰጠ ልዩ የውክልና ሥልጣን

በርሊን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወካይ፦ አቶ ሄኖክ ተሰማ አባይነህ፤ ዜግነት ኢትዮጵያዊ፤ አድራሻ ጀርመን፣ በርሊን ከተማ።

ተወካይ፦ ወ/ሮ ሰብለ ተሰማ አባይነህ፤ ዜግነት ኢትዮጵያዊት፤ አድራሻ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ 8፣ የቤት ቁጥር 418።

እኔ ወካይ ኑሮዬ በውጭ አገር በመሆኑ ከዚህ በታች የተገለጸውን ሽያጭ በአካል ተገኝቼ መፈጸም ስለማልችል፣ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2199 እና 2205 መሠረት ታላቅ እህቴን ወ/ሮ ሰብለ ተሰማን በልዩ ውክልና ወክያለሁ።

የውክልናው ጉዳይ ከሟች እናታችን ከወ/ሮ አስናቀች ገብረመስቀል በውርስ ያገኘነው፣ ከላይ በተወካይ አድራሻ በተጠቀሰው ቁጥር የሚታወቀው ቤት ነው። ሁለታችንም እኩል ወራሾች መሆናችን በፍርድ ቤት በተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውም በ2015 ዓ.ም. በሁለታችን ስም በጋራ ተዛውሯል። በቤተሰባችን ዘንድ ዘወትር «የእናታችን መሬት» እያልን ብንጠራውም፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው በ240 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ የተሠራው ዋናው ቤት፣ በስተጓሮ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤትና ሕግ በሚፈቅደው መጠን ከእነርሱ ጋር ወደ ገዢ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የድንጋይ አጥር ከጎረቤት ጋር የጋራ በመሆኑ፣ ይህ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አሳስባለሁ፤ ገዢው በኋላ አጥሩን የብቻው አድርጎ በመቁጠር ክርክር እንዲነሣ አልፈልግም።

ስለዚህ ተወካይዋ የእኔን ግማሽ ድርሻ ከራሳቸው ድርሻ ጋር በአንድነት ለፈለጉት ገዢ እንዲሸጡ፣ በዋጋ እንዲደራደሩ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርሙ፣ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ቀርበው ውሉን እንዲያጸድቁና እንዲያስመዘግቡ፣ ካርታ፣ ፕላንና ክሊራንስ እንዲያወጡ፣ የሚፈለገውን ግብርና ክፍያ እንዲከፍሉ፣ ስም እንዲያዛውሩና ቤቱን ለገዢ እንዲያስረክቡ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቻቸዋለሁ። በሰርቪስ ቤቱ የሚኖሩት ተከራይ ከርክክቡ በፊት በቂ ጊዜ ተሰጥቷቸው እንዲለቁ፣ በቅድሚያ የከፈሉት ኪራይ ካለም ያልኖሩበት ተሰልቶ እንዲመለስላቸው የማድረግ ሥልጣንም በዚህ ውስጥ ይካተታል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቤቱ በአጠቃላይ ከ18,000,000 (አሥራ ስምንት ሚሊዮን) ብር በታች ሊሸጥ አይችልም፤ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ከቀረበ በጽሑፍ የምሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል። ከድርሻዬ ላይ የሚደርስብኝ የግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ በደረሰኝ ተረጋግጦ ከተቀነሰ በኋላ፣ ቀሪው ገንዘብ በእኔ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሒሳብ ገቢ ይሆናል። ገዢው የእኔን ድርሻ በሲፒኦ ወይም በቀጥታ በባንክ ዝውውር ይከፍላል እንጂ፣ ቀብድም ቢሆን በጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉልኝ አልወከልኳቸውም። ይህን ገደብ የጻፍኩት በእህቴ ላይ ጥርጣሬ ኖሮኝ ሳይሆን፣ ወደፊት በእኛም ሆነ በልጆቻችን መካከል የገንዘብ ጥያቄ ቢነሣ የባንክ ማስረጃው ራሱ መልስ እንዲሰጥ ነው።

ተወካይዋ የእኔን ድርሻ ለራሳቸው፣ ለባለቤታቸው ወይም ለልጆቻቸው መግዛት ቢፈልጉ፣ ይህ ውክልና ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ለዚያ ለብቻው ስምምነቴን በጽሑፍ እሰጣለሁ። ቤቱን በስጦታ ማስተላለፍ፣ በመያዣነት ማስያዝ ወይም በእርሱ ላይ ብድር መውሰድ አይችሉም። ከሽያጩ ጋር በተያያዘ ክስ መመሥረት ወይም መከላከል ካስፈለገ ግን በእኔ ስም በማናቸውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት እንዲከራከሩና ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ጠበቃ እንዲወክሉ ፈቅጃለሁ። ከዚህ በቀር ሥልጣናቸውን ለሌላ ሰው አያስተላልፉም።

ቤቱን እንዲያስተዳድሩና ኪራይ እንዲሰበስቡ በ2015 ዓ.ም. የሰጠኋቸው ውክልና በዚህ ሰነድ አልተሻረም፤ ቤቱ ለገዢ እስኪተላለፍ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። ይህ የሽያጭ ውክልና ደግሞ ስም ዝውውሩ ተጠናቆ ገንዘቡ ገቢ እስኪሆን ድረስ የሚያገለግል ሲሆን፣ ሽያጩ ሳይፈጸም ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ከደረሰ ያለ ተጨማሪ ማስታወቂያ ቀሪ ይሆናል። ከዚያ በፊት ልሽረው ብፈልግ መሻሬን ለተወካይዋና ሰነዱ ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

ሽያጩ በተፈጸመ በ30 ቀናት ውስጥ ተወካይዋ የጸደቀውን ውል፣ የግብር ደረሰኞችንና የባንክ ማስረጃዎችን ቅጂ ይልኩልኛል።

የሰነዱን ይዘት አንብቤና ተረድቼ፣ በሙሉ ፈቃዴ፣ በርሊን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በአካል ቀርቤ የፈረምኩ ሲሆን፣ የፓስፖርቴ፣ የካርታውና የወራሽነት ማስረጃው ቅጂዎች ተያይዘዋል። ተወካይዋ ሰነዱን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠው በአገር ውስጥ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስመዘግቡ ወክያለሁ።

ወካይ
ሄኖክ ተሰማ አባይነህ