ቀጥ ብሎ በቆመ ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ እንፋሎት ውሃ ሲሆን፦ በደብረ ብርሃን ከፍታ የተሠራ ስሌት

የፈተናው ጥያቄ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ በተሠራ የእንፋሎት ሳጥን 0.5 ሜትር ቁመትና 0.6 ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያልፍ ፊቱ 70 °C ላይ ይቆያል። ከፊት ለፊቱ አየር ያልተቀላቀለበት፣ የጠገበ የውሃ እንፋሎት አለ። በላሜራው ላይ በሰዓት ስንት ኪሎ ውሃ ይወርዳል? አማካይ የሙቀት ማስተላለፍ ኮፊሸንቱስ ስንት ነው?

የእንፋሎቱን ቴምፕሬቸር ሆን ብዬ አልሰጠሁም። ብዙዎቻችሁ በፈተናው ወረቀት ላይ ወዲያው 100 °C ጻፋችሁ። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም በ90 እና በ91 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ሽሮ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚህ እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሳጥኑ ለአየር ክፍት መውጫ ስላለው እንፋሎቱን 90 °C ብለን እንይዛለን። 100 ብሎ የጀመረ ተማሪ የሙቀት ልዩነቱን ከ20 ወደ 30 አሳድጎታል፤ የሚወርደው ውሃም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ተጋኖበታል። ቀመሩን በትክክል ጽፎ በዚህ አንድ ቁጥር መውደቅ ያሳዝናል።

ከስሌቱ በፊት ላሜራውን በዓይነ ኅሊና እንየው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ስስ ንጣፍ ሠርቶ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንሸራተታል። ከላይ ጫፍ ንጣፉ ከምንም አይቆጠርም፤ ወደ ታች ሲወርድ ከየቦታው አዲስ ውሃ እየተጨመረበት ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ብረቱን የሚነካው እንፋሎቱ ሳይሆን ይህ ውሃ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ለመድረስ ውሃውን ማቋረጥ አለበት፤ እንቅፋቱ ያ ንጣፍ ነው። ቪልሄልም ኑሰልት በ1916 እ.ኤ.አ. ያየው ይህን ነው፦ የንጣፉን ውፍረት ካወቅህ ሌላውን ሁሉ አወቅህ። የብረት አክንባሎ ሲከፈት ከውስጡ እየተንጠባጠበ የሚወርደው ውሃም የዚሁ ክስተት ዘመድ ነው፤ እዚያ ግን ውሃው ብዙ ጊዜ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ስሌት ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ለሸፈነ ንጣፍ ብቻ ነው።

የውሃውን ባሕርያት የምናነበው በንጣፉ አማካይ ቴምፕሬቸር፣ ማለትም በ80 °C ነው። ድብቅ ሙቀቱና የእንፋሎቱ እፍግታ ግን በ90 °C ይነበባሉ። ይህን አታቀላቅሉ።

```
ρ = 971.8 kg/m³     ρv = 0.42 kg/m³
k = 0.670 W/m·K     μ = 0.355×10⁻³ kg/m·s
cp = 4197 J/kg·K    hfg = 2283×10³ J/kg
```

ንጣፉ ከ90 ዲግሪም በታች ስለሚቀዘቅዝ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ ከድብቅ ሙቀቱ ትንሽ አብልጦ ይሰጣል።

```
hfg* = hfg + 0.68 cp (Tsat − Ts)
     = 2283×10³ + 0.68 × 4197 × 20
     ≈ 2340×10³ J/kg
```

አሁን ንጣፉ ያለ ሞገድ፣ ልስልስ ብሎ ይወርዳል ብለን በኑሰልት ቀመር እንጀምር።

```
h = 0.943 [ g ρ(ρ − ρv) hfg* k³ / (μ ΔT L) ]^(1/4)
  = 0.943 × (1.836×10¹⁵)^(1/4)
  ≈ 6170 W/m²·K
```

ከታች ጫፍ የንጣፉ ውፍረት በዚህ ስሌት 0.145 ሚሊ ሜትር ይሆናል። k ለዚህ ውፍረት ሲካፈል 4,630 አካባቢ ይወጣል፤ ይህ የታችኛው ጫፍ ኮፊሸንት ነው። አማካዩ የእሱ 4/3 መሆን አለበት፣ ሆኖም ወጣ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ የማይሞላ ውሃ ይህን ያህል ሥራ መወሰኑ እስካሁን ይደንቀኛል።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ላይ እስክሪብቶ አስቀመጣችሁ። ግን ልስልስ ይወርዳል ያልነው ግምት ነበር፤ ግምት ደግሞ ይጣራል። ማጣሪያው የሬይኖልድስ ቁጥር ነው።

```
Re = 4 h L ΔT / (μ hfg*)
   = 4 × 6170 × 0.5 × 20 / (0.355×10⁻³ × 2340×10³)
   ≈ 297
```

ከ30 በታች ቢሆን ኖሮ ሥራችን አብቅቶ ነበር። ከ1800 በላይ ቢሆን ፍሰቱ ተርቡለንት ይሆን ነበር። 297 በመካከል ነው፤ ንጣፉ ላሚናር ቢሆንም ፊቱ ሞገድ አለው። በዝናብ ቀን በመስኮት መስታወት ላይ የሚወርደውን ውሃ ያየ ሰው ያንን ሞገድ ያውቀዋል። ሞገዱ ንጣፉን አንዳንድ ቦታ ያሳሳዋል፣ ውሃውንም ያናውጠዋል፤ ስለዚህ ሙቀት ይበልጥ ያልፋል። ለዚህ ክልል የሚሠራው ቀመር ሌላ ነው።

```
ν = μ/ρ = 3.653×10⁻⁷ m²/s
(g/ν²)^(1/3) ≈ 41 890 m⁻¹

Re = [ 4.81 + 3.70 L k ΔT/(μ hfg*) × (g/ν²)^(1/3) ]^0.820
   = [ 4.81 + 1250 ]^0.820 ≈ 347

h = Re k (g/ν²)^(1/3) / (1.08 Re^1.22 − 5.2)
  = 347 × 0.670 × 41 890 / 1354
  ≈ 7200 W/m²·K
```

አማካይ ኮፊሸንቱ 7,200 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ነው። ከመጀመሪያው ግምት 17 በመቶ ያህል ይበልጣል። የላሜራው ስፋት በቁመቱ ሲባዛ 0.30 ካሬ ሜትር ስለሆነ፦

```
Q = h A ΔT = 7200 × 0.30 × 20 = 43 200 W
m = Q / hfg* = 43 200 / 2.340×10⁶ ≈ 0.0185 kg/s
```

በሰዓት 66 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ከሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ውሃ ይወርዳል። በሌላ መንገድም አረጋግጡ፦ Re × μ × 0.6 / 4 ያው 0.0185 ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንድ ቦታ ስሕተት አለ፤ ሳታገኙት ወረቀቱን አታስረክቡ። በላሚናሩ ቀመር የቆመ ተማሪ 57 ኪሎ ብቻ ነው ያገኘው።

ከጀርባ የሚያልፈውን ውሃም አትርሱ። 43.2 ኪሎ ዋት የሚወስደው እሱ ነው። በ15 ዲግሪ ገብቶ በ45 ዲግሪ ቢወጣ በደቂቃ ወደ 21 ኪሎ ውሃ ያስፈልጋል፤ በየደቂቃው አንድ ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ሳጥን ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይመልከት።

አንድ ተማሪ ስሌቱ ለአረቄ ይሠራ እንደሆነ ጠይቆኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው በሸምበቆ የሚወርደውን እንፋሎትና በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረውን ዕቃ ያውቃል። እዚያ ያለው እንፋሎት ግን የአልኮልና የውሃ ድብልቅ ነው፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የድብልቁ መጠንም ቴምፕሬቸሩም ይለዋወጣል። ጅማሬው ላይ ደግሞ ዕቃው ውስጥ አየር አለ። አየሩ ከመቶ አንድ እጅ ባይሞላም እንኳ በንጣፉ ፊት ተከማችቶ ኮፊሸንቱን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። በጥያቄው ላይ «አየር ያልተቀላቀለበት» ያልኩት ለዚህ ነው፤ በወርክሾፑ ሳጥንም ላይ ከመለካታችን በፊት እንፋሎቱ አየሩን በመውጫው እስኪያስወጣ የምንጠብቀው ለዚሁ ነው።

ለረቡዕ የላሜራውን ቁመት 1 ሜትር አድርጋችሁ ድገሙት። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። የሚወርደው ውሃ ወደ 0.0326 ኪሎ ግራም በሰከንድ ይመጣል። ቁመቱ እጥፍ ሆኖ ውሃው ለምን እጥፍ እንዳልሆነ፣ ከንጣፉ ውፍረት ተነሥታችሁ በሁለት አረፍተ ነገር ጻፉልኝ።