በደሴ የጦሳ ግርጌ የጎርፍና የመሬት መንሸራተት ጥናት፦ ለከንቲባው የቀረበ ማጠቃለያ

ክቡር ከንቲባ፣ 140 ገጹ ሪፖርት ከእርስዎ የሚጠብቀው አንድ ውሳኔ ነው፦ ለድጋፍ ግንብ የተያዘው በጀት በቅድሚያ ለውሃ መውረጃ ቦይ ይዋል።

ከጦሳ የሚወርደው የክረምት ውሃ ቦርከና መድረስ ሲገባው፣ ቦዮቹ በደለልና በፕላስቲክ ስለተደፈኑ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል፤ እርስ በርስ የመያያዝ ኃይሉም ይላላል። ቁልቁለቱ የሚንሸራተተው ያኔ ነው። ነባሩ ግንብ የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ስላልተተወለት ከጀርባው ውሃ አቁሮ ወደ መንገዱ አብጧል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ተመሳሳይ ግንብ መድገም፣ በእኛ እምነት፣ ገንዘብ መቅበር ነው።

የቦይ ጠረጋው ከሰኔ በፊት ካላለቀ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም። ከግንቡ ሥር ያሉ ነዋሪዎች ግን ጠረጋውን ሳይጠብቁ ለጊዜው ይነሡ። የካሳ ጉዳይ በጥናቱ አልተካተተም፤ ለብቻው ይታይ።