የጁኒየር አካውንታንት ማመልከቻ የማጣሪያ ውጤት፣ አመልካች ቁጥር 14፣ ኮምቦልቻ

ሰላም እህቴ፣ ከሰው ሀብት ክፍል ነኝ። ማመልከቻሽን ትላንት ሁለት ሆነን ከማስታወቂያው ጋ እያስተያየን አየነው፣ ደብዳቤው እስኪደርስሽ ቀኑ እንዳያልፍብሽ ብዬ ነው በቴሌግራም የላኩልሽ።

ውጤት፦ ለጊዜው አላለፍሽም። ከ6 መስፈርት 4 ተሟልቷል 2 ይቀራል፣ ግን አብሽሪ ሁለቱም ወረቀት ነው የጎደላቸው።

ትምህርት፦ ተሟልቷል። አካውንቲንግ ዲግሪ፣ ሐምሌ 2015 ምሩቅ።

አጠቃላይ ነጥብ፦ ተሟልቷል። የጠየቅነው 2.75፣ ያንቺ 2.91።

የመውጫ ፈተና፦ ተሟልቷል። ማለፊያው 50 ነው፣ 58 አምጥተሻል።

መታወቂያ፦ ተሟልቷል፣ ፋይዳሽ ደርሶናል።

የስራ ልምድ፦ አልተሟላም። የተጠየቀው ከምረቃ በኋላ 24 ወር ነው። ሲቪሽ ላይ 31 ወር ብለሻል፣ ከሱ ውስጥ 2 ወሩ ተማሪ እያለሽ የሰራሽው ልምምድ ስለሆነ አይቆጠርም። የሐይቁ ሆቴል ከመስከረም 1/2016 እስከ ነሐሴ 30/2016 12 ወር ተይዞልሻል፣ ማህተሙ መጨረሻው ቀን ላይ አርፎ አላስነብብ ብሎን ነበር ግን ታች በፊደልም ስለተጻፈ በሱ አረጋገጥን። ችግሩ የደሴው የግንባታ እቃ መደብር ደብዳቤ ነው፣ ከመስከረም 1/2017 እስከ ጥር 30/2018 17 ወር ይላል፣ ደሞዝሽም አለ፣ ግን የስራ ግብር ተቆርጦ ገቢ መደረጉን የሚል አንድም ቃል የለውም፣ ማስታወቂያው ደሞ የግል ድርጅት ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት ስለሚል 17ቱንም መያዝ አልቻልንም። ስለዚህ የተያዘልሽ 12፣ የጎደለው 12። ግብሩን ጠቅሰው እንደገና ከጻፉልሽ 29 ይሆናል፣ ያልፋል። አሰሪሽን ለደብዳቤው ብቻ ሳይሆን ለግብሩ ማስረጃም ጠይቂያቸው፣ የሰራሽበት ጊዜ በወረቀት ጉድለት ሲቀር በጣም ነው ሚያሳዝነኝ።

ፒችትሪ፦ አልተሟላም። "በደንብ እችላለሁ" ብለሽ ጽፈሻል፣ አምነንሽም ይሆናል፣ ግን ማስረጃ ነው የተጠየቀው። የስልጠና ሰርተፍኬት ካለሽ ላኪ፣ ከሌለሽ ደሞ የሆቴሉ ሰዎች በፒችትሪ ሂሳብ ትሰሪ እንደነበር ቢጽፉልሽ ኮሚቴው ይቀበላል፣ ጠይቄልሻለሁ።

ዋስ አሁን አያስፈልግም፣ እሱ ከቅጥር በኋላ ነው፣ ብዙ ሰው ቀድሞ እየሮጠ ይደክማል።

ማሟያ ቀን እስከ አርብ የካቲት 13/2018 ቀን 11 ሰዓት። ፎቶው ጥርት ካለ በቴሌግራም ይበቃል ሀረጎን መውረድ የለብሽም፣ ኦርጅናሉን በፈተናው ቀን ይዘሽ ትመጫለሽ። ፈተናው ሰኞ የካቲት 16 ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ሁለቱም ጾም ስለሚገባ ነው ጠዋት ያረግነው። ቆጠራው ላይ ተሳስታችኋል ምትይው ካለ እዚሁ ጻፊልኝ ድጋሚ አይቼ እመልስልሻለሁ።