እስከ አርብ

ደብዳቤው መልስ የሚጠብቀው እስከ አርብ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

የኩላሊት እጥበት ማሽን ትጠግናለች። ሰው አገር ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አሁን ከአገሯ አንድ ሆስፒታል «የጥገና ክፍሉን አቋቁሚና ምሪ» ብሏታል። ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው። ደመወዙ ግን የአሁኑን ሲሶ አይሞላም።

ማታ ወረቀት አውጥታ ደመረች። የእናቷ መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ፣ ያላለቀ ብድር። ደግማ ደመረች። አልገጥም አለ።

እናቷ ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ» አለቻት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ለእኔ ብለሽም እንዳትቀሪ።»

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የሆስፒታሉ ቴክኒሽያን ነው። እዚያ ነግቷል።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ ከእንቅልፍሽ ቀሰቀስኩሽ። ማሽኑ የኮንዳክቲቪቲ አላርም እያሰማ አላሠራ አለኝ።»

የማጠቢያው ፈሳሽ የጨው መጠን ልኩን ሲስት የሚጮኽ አላርም ነው።

«ሁሉም ናቸው ወይስ አንዱ?»

«አንዱ ብቻ።»

እፎይ አለች። ሁሉም ቢሆኑ ችግሩ ከውኃ ማጣሪያው ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ሰው ለአራት ሰዓት ሲታጠብ 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ያልፋል፤ ማጣሪያው ከተበላሸ ክፍሉ ሁሉ ይቆማል።

«የባይካርቦኔት ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ጎማ አውጥተህ እያት።»

ጠበቀች። ከስልኩ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሲያስሉ ይሰማል።

«ተሰንጥቃለች።»

«አየር እየሳበች ነው። ቀይራት።»

«የለንም። ጥያቄ ካስገባን አምስት ወራችን።»

እሷ ሥራ ቦታዋ መሳቢያ ውስጥ የዚያ ጎማ ሙሉ ከረጢት አለ። ማንም አይቆጥረውም። አንድ ማሽን በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሦስት ፈረቃ ከሠራ፣ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ሲመጣ ስድስት ሰው ይይዛል። ስድስት ሰው በአንዲት ጎማ።

እንቅልፍ እንቢ አላት። ወረቀቱን መልሳ አወጣች። መኪናዋን ብትሸጥ ብድሩ ያልቃል። ያጠራቀመችው የወንድሟን የቀረ አንድ ዓመት ይሸፍናል። መድኃኒቱ ከአዲሱ ደመወዝ ይወጣል፤ ይጠብባታል እንጂ ይወጣል። ያስፈራት ሌላ ነው። መለዋወጫ መግዛት ካልቻለች ሄዳ ምን ልትሠራ ነው? ከቆመ ማሽን አጠገብ መቆም?

ለዳይሬክተሩ ጻፈች። «ደመወዙን ተቀብያለሁ። የመለዋወጫ በጀት ለክፍሉ ተመድቦ፣ በእኔ ፊርማ እንዲወጣ በደብዳቤው ላይ ይጻፍልኝ።»

ሐሙስ መልስ መጣ። ጉዳዩን ቦርዱ ማክሰኞ ያየዋል፤ እሷ ግን አርብ እንድትፈርም ተለመነች።

«እንግዲያው የእኔም ፊርማ ማክሰኞ ይሁን» ብላ መለሰች። ከላከችው በኋላ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሥራውን ቢነሷትስ?

አርብ ዝም። ቅዳሜ፣ እሑድ ዝም። ሰኞ ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ ስሟ ተጠርቶ አልሰማችም።

ማክሰኞ ማታ አዲስ ደብዳቤ ገባ። ደመወዙ ያው ነው። ከሥሩ ግን ሁለት መስመር ተጨምሯል። ቀስ ብላ አነበበችው። ፈረመች።

ከዚያ ቴክኒሽያኑ ጋ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ስንት ጎማ ነው የሚያስፈልግህ?»