ሃምሳ ኮዳ

ሰናይት ኢሜይሉን ደጋግማ አንብባ ላከችው። አጭር ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። የልጆች ዕቃ የምሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ድረ ገጻችሁ ላይ ያየሁትን የብረት ኮዳ ወድጄዋለሁ። 50 እፈልጋለሁ፤ ሰማያዊና ሮዝ። ዋጋው ስንት ነው? ከአክብሮት ጋር።»

እስከዛሬ ኮዳ የምትወስደው ከጅምላ አከፋፋይ ነበር። ክዳኑ ያፈሳል። ደብተር የራሰባቸው ልጆች እናቶች ኮዳውን ይዘው ይመጡባታል። እሷ ገንዘባቸውን ትመልሳለች፤ አከፋፋዩ ግን ለእሷ አይመልስላትም። ስለዚህ ነው ባሕር ማዶ ካለው ፋብሪካ በቀጥታ ለመግዛት የቆረጠችው።

መልሱ በማግስቱ ጠዋት ገባ። የጻፈችው የሽያጭ ሠራተኛ ነበረች። «ስለመረጡን እናመሰግናለን። የጠየቁት መጠን ከዝቅተኛው የትዕዛዝ መጠናችን ስለሚበልጥ ቅናሽ አድርገንልዎታል።» የአንዱ ኮዳ ዋጋ አከፋፋዩ ከሚያስከፍላት ግማሽ አይሞላም። ሰናይት በሃምሳ አባዛችው። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ወዲያው «ዋጋው ተስማምቶኛል፤ ቀጥሉ» ብላ መለሰች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰነድ ተያይዞ መጣ። 50 ካርቶን፤ በካርቶን 24፤ በድምሩ 1,200 ኮዳ። ሰላሳ በመቶው በቅድሚያ፣ ቀሪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይከፈላል። ዋጋው ዕቃው በእነሱ ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለውን ብቻ የሚሸፍን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በገዢው።

ሰናይት እጇ ተንቀጠቀጠ። ጎን ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ ድሮ ዕቃ ያስመጡ ነበር። ስልኳን ይዛ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ሌቦች ናቸው! ያላዘዝኩትን ዕዳ ጫኑብኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ተረጋጊ ልጄ። ይሄ ፕሮፎርማ ነው። ምን ያህል፣ በስንት፣ በምን አከፋፈል እንደሆነ ይነግርሻል እንጂ ዕዳ አይደለም። ካልተስማማሽ ይስተካከላል።»

«ታዲያ 1,200 ከየት አመጡት?»

«የላክሽውን አሳዪኝ።» አነበቡት። «50 ምን?»

«ኮዳ ነዋ!»

«አንቺ ሱቅ ውስጥ ስለሆንሽ አንድ አንድ ትቆጥሪያለሽ። እነሱ የሚጭኑት በካርቶን ነው፣ በካርቶን ይቆጥራሉ። አንቺም ፍሬ አላልሽም፤ እሷም አልጠየቀችሽም።»

ሁለቱ እያወሩ ስልኩ ድምፅ አሰማ። «ለምርት ተራ ይዘንልዎታል። ነገ ቀለም እንገዛለን። ቅድሚያ ክፍያውን መቼ እንጠብቅ?»

ሰናይት ዝም አለች። ገንዘብ አልላከችም፤ ማንም አይከሳትም። ኢሜይሉን ዘግታ ብትተወው ማን ያገኛታል? ብዙ ሰው እንዲህ ሲያፍር ይጠፋል፤ በዚያ በኩል ያለው ግን መልስ እየጠበቀ ሥራውን ይጀምራል። ያቺ ሴት ለአለቃዋ «ትልቅ ገዢ አገኘሁ» ብላ ይሆናል። ተራውን ያስያዘችው እሷ ናት፤ ነገ ቀለሙ ቢገዛ የምትጠየቀውም እሷ ናት።

እዚያው ጋሼ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ጻፈች።

«እባክዎ ቀለሙን አይግዙ። የፈለግኩት 50 ካርቶን ሳይሆን 50 ፍሬ ነው፦ 25 ሰማያዊ፣ 25 ሮዝ። መጠኑን ግልጽ አድርጌ አልጻፍኩም፤ ይቅርታ። ሱቄ ትንሽ ነው፤ 1,200 ኮዳ የማስቀምጥበትም የምገዛበትም አቅም የለኝም። በ50 ፍሬ የምትሸጡ ከሆነ ዋጋውን ይንገሩኝ። ካልሆነም እንዲሁ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም ሱቁ እስኪዘጋ አልመጣም። ሰናይት ተቆጥተውብኛል ብላ ተስፋ ቆረጠች።

በሦስተኛው ቀን ደረሰ።

«በጊዜ ስለነገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀለሙ አልተገዛም። ካርቶን ወይስ ፍሬ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የዘገየሁት መጋዘን እስካረጋግጥ ነው። ለ50 ፍሬ ለብቻ ማምረት አንችልም፤ ከ500 በታች ማሽን አናስነሳም። ነገር ግን ከሌላ ትዕዛዝ የተረፈ ሁለት ካርቶን አለ፤ 24 ሰማያዊ፣ 24 አረንጓዴ። ሮዝ የለም። ቅናሹ በዚህ መጠን አይሠራም። በአየር መላክ ይቻላል፤ ማጓጓዣው በእርስዎ ነው።»

ሰናይት ወረቀት አውጥታ ደመረች። አዲሱ ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ። ከአከፋፋዩ ብዙም የሚረክስ አይመስልም። ክዳኑ የማያፈስ ከሆነ ግን ያዋጣታል።

«ሁለቱን ካርቶን፣ ማለትም 48 ፍሬ፣ ልወስድ አስባለሁ» ብላ ጻፈች። «ከዚያ በፊት ክዳኑን ልፈትሸው። አንድ ፍሬ ናሙና ይላኩልኝ፤ የናሙናውን ዋጋና ማጓጓዣውን ለየብቻ ይጻፉልኝ። ሁለቱን ካርቶን እስከ መቼ ልታቆዩልኝ ትችላላችሁ?»