የመርጃ መሣሪያ ምርጫ ከነምክንያቱ፦ «እንዴት እንተነፍሳለን?» ለ8ኛ ክፍል

ለሳይንስ ትምህርት ክፍል ተጠሪ፣

ሐሙስ ለማስተምረው የአተነፋፈስ ትምህርት ምን ምን መርጃ መሣሪያ እንደመረጥኩና ለምን እንደመረጥኩ እንድጽፍልዎ ጠይቀውኝ ነበር። ክፍሉ 52 ተማሪዎች አሉት። ጊዜው 40 ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዕቃው አልነበረም፤ ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ሰጠኋቸው። «አየር ስናስገባ የሚቀድመው የቱ ነው? አየር ገብቶ ደረት ይሰፋል ወይስ ደረት ሰፍቶ አየር ይገባል?» ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አየሩ ገብቶ ደረቱን ይነፋዋል አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ፊኛ ሲነፉ ያደጉ ልጆች ናቸው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ድያፍራምና የጎድን ጡንቻዎች ደረትን ያሰፋሉ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል፣ አየር ከዚያ በኋላ ይገባል። የምመርጠው ዕቃ ይህን ቅደም ተከተል በዓይን ማሳየት አለበት። ካላሳየ የቱንም ያህል ቢያምር አልፈልገውም።

ዋናው መሣሪያ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ሁለት ፊኛ ነው። የጠርሙሱ ቂጥ ይቆረጣል። አንዱ ፊኛ በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባና አፉ በጠርሙሱ አፍ ላይ ይገለበጣል። ሁለተኛው ከመሃሉ ተቆርጦ በተቆረጠው በኩል ተወጥሮ ይለጠፋል። እሱን ወደ ታች ሲስቡት ውስጥ ያለው ፊኛ ይነፋል። ማንም አልነፋውም! የምጠይቃቸውም ይህንኑ ነው፦ «ማን ነፋው?»

በብዙ መጻሕፍት ላይ የሚታየው ከዚህ ትንሽ ይለያል። ክዳኑ ተበስቶ ስትሮ ይገባል፣ ፊኛው ከስትሮው ጫፍ ጋር ይታሰራል። ስትሮው የአየር ቧንቧን ስለሚመስል መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነበር። በክዳኑ ቀዳዳ ዙሪያ አየር እያፈተለከ አስቸገረኝ። በሊጥ ደፈንኩት፤ በማግስቱ ደርቆ ተሰነጠቀ። 13 ቡድን በአንድ ጊዜ ሲሠራ ግማሹ ጠርሙስ ቢያፈስ ክፍለ ጊዜው በጥገና ያልቃል። ስለዚህ ስትሮውን ተውኩት። የአየር ቧንቧውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ።

ጠርሙሱም ዝም ብሎ አይመረጥም። በስሱ የውሃ ፕላስቲክ ሞክሬ ነበር። ላስቲኩን ስስበው ፊኛው መነፋቱን ትቶ የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ጎድጎድ አለ። ለስላሳ መጠጥ የሚታሸግበት ጋዙን የሚችል ወፍራም ስለሆነ ቅርጹን ይይዛል። አዲስ ፊኛም ግትር ነው፤ አስቀድሞ ሁለት ሦስቴ ተነፍቶ መለስለስ አለበት። (ፊኛ የሚለው ቃል የሽንት ፊኛንም ስለሚያስታውስ ከኋላ ወንበር ሳቅ መነሳቱ አይቀርም። ለሱ አንድ ደቂቃ ይዣለሁ።)

ይህን ከካርቶን ከተሠራ የሳንባ ሞዴል የማስበልጥበት ዋና ምክንያት ልጆቹ «ሊያበላሹት» መቻላቸው ነው። የጠርሙሱን አፍ በመዳፍ ግጥም አድርገው ላስቲኩን ቢስቡ ፊኛው እምቢ ይላል። መጨረሻ ላይ እኔ የአንዱን ጠርሙስ ጎን በጋለ መርፌ ሰፋ አድርጌ እበሳዋለሁ። ላስቲኩ ቢሳብም ፊኛው እንደሟሸሸ ይቀራል። ቀዳዳውን በጣት ሲደፍኑት እንደገና ይሠራል። ደረቱ የተበሳ ሰው ሳንባው ሳይነካ እንኳ መተንፈስ ለምን እንደሚያቅተው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ካርቶን ይህን አይችልም።

ሞዴሉ የሚዋሽበትም ቦታ አለ፤ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። የጠርሙሱ ግድግዳ አይንቀሳቀስም፤ የኛ ጎድን ግን ይነሳል፣ ይሰፋል። ሳንባ ባዶ ከረጢት አይደለም፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያሉት እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው። በፊኛውና በጠርሙሱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተትም በሰውነታችን ውስጥ የለም፤ እዚያ ያለው ስስ ፈሳሽ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ድያፍራሙ ነው። እውነተኛው ሲያርፍ ወደ ላይ እንደ ጉልላት ይቆማል፣ ሲኮማተር ጠፍጠፍ ይላል። የኛ ላስቲክ ሲያርፍ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲሳብ ወደ ታች ይጎደጉዳል። ይህን ካልነገርኳቸው ስህተቱን ይዘውት ይሄዳሉ።

የመጀመሪያውን ጉድለት የሚሞላልኝ ሁለተኛው መሣሪያ ነው፤ ሲባጎ። እያንዳንዱ ተማሪ ከልብሱ በላይ በራሱ ደረት ዙሪያ ያዞረዋል፣ አየር አስወጥቶ በማርከር ምልክት ያደርጋል፣ በደንብ አስገብቶ ሌላ ምልክት ያደርጋል፣ ልዩነቱን በማስመሪያ ይለካል። ራሱ ለራሱ እንዲለካ ያልኩት በተለይ ሴቶቹ ልጆች እንዳይሳቀቁ ነው። መለካት የማይፈልግ ውጤት ይመዘግባል።

ሦስተኛው 5 ሊትር የሚይዝ ነጣ ያለ ጄሪካን፣ ሳፋና ቱቦ ነው። ጄሪካኑ በየግማሽ ሊትሩ ምልክት ተደርጎበት፣ ውሃ ሞልቶ፣ ሳፋው ውስጥ ይገለበጣል። በቱቦው የተነፋው አየር ውሃውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። አዋቂ ሰው በእርጋታ ሲተነፍስ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ልጅ እስኪበቃው አስገብቶ እስከ መጨረሻው ሲነፋ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ክፍሉ አስቀድሞ ይገምታል። ጊዜ ስለሚፈጅ በሁለት ልጆች ብቻ፣ በሠርቶ ማሳያ እጨርሰዋለሁ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው የቱቦ ጫፍ ይኖራል። አስም ያለበትን ልጅ አላስነፋም።

የተውኳቸውንም ልጥቀስ። የኖራ ውሃ በትንፋሻችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ በደንብ ያሳያል፤ ግን የሐሙሱ ጥያቄ እሱ አይደለም፣ በስትሮ ሲነፉ ስቦ የሚውጥም አይጠፋም። የበግ ሳንባ ማምጣትም አስቤ ነበር። እውነተኛነቱን ማን ይክዳል? ቢሆንም ለ52 ሰው አንድ ሳንባ ነው፣ በሙቀት ይሸታል፣ የሚያቅለሸልሻቸው ልጆችም አሉ። ድያፍራም ደግሞ አብሮት አይመጣም። ፖስተሩ ይሰቀላል፤ እንቅስቃሴ ስለሌለው ዋና መሣሪያ አላደረግኩትም።

ልጆቹ በአራት በአራት ይቀመጣሉ። 13 ጠርሙስና 26 ፊኛ ያስፈልጋል፤ ፊኛ ስለሚፈነዳ ስድስት መጠባበቂያ ጨምሬያለሁ። ጠርሙሶቹን ተማሪዎቹ ያመጣሉ፤ ያላገኘ ልጅ እንዳይሸማቀቅ የተቆጠረው በቡድን ነው። ምላጩን ለልጆች አልሰጥም፤ ጠርሙሶቹን ቤት ቆርጬ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኜ አመጣለሁ። ያለፈው ሳምንት ጥያቄ መውጫ ላይ ይደገማል፣ አሁን ግን «ለምን?» የሚል ተጨምሮበት። አብዛኞቹ አሁንም አየሩ ይቀድማል ካሉ፣ ጠርሙሶቹን አልጥላቸውም፤ ዓርብ እንደገና ይወጣሉ።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሳፋው ከጽዳት ክፍል ለአንድ ሰዓት እንዲሰጠኝ ቢያናግሩልኝ። እኔ ጠይቄ ነበር፤ «ለሳንባ ነው» ስላቸው አልሰጥም አሉኝ።

የ8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር