አንድ ጂን፣ ብዙ ፕሮቲን፦ አማራጭ ስፕላይሲንግና የኤክሶን መዝለል ጥያቄ ከነአሠራሩ

ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ያሉት ወደ 20,000 ገደማ ነው፤ የፕሮቲኖቹ ዓይነት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ለዚህ ትልቅ ድርሻ ካላቸው አንዱ አማራጭ ስፕላይሲንግ ነው። ከአንድ ጂን የተቀዳው ቅድመ ኤምአርኤንኤ በየሕዋሱ በተለያየ መንገድ ተቆርጦ ይገጣጠማል፤ ከእነዚህ ቅጂዎች የሚተረጎሙት ፕሮቲኖች አይሶፎርም ይባላሉ። ዲኤንኤው ሳይነካ፣ የሚለወጠው ከቅጂው የትኞቹ ክፍሎች፣ በተለይም ኤክሶን የሚባሉት ተገጣጣሚ ክፍሎች፣ ይቀራሉ የሚለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ መቁረጫውን እንይ። በኤክሶኖች መካከል ያለውና ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል፣ ኢንትሮን፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በ GU ይጀምራል፣ በ AG ያበቃል። ከ AG ቀደም ብሎ በ C እና በ U የበዛ ረድፍ አለ፤ ከዚያም ከፍ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ AG ከ18 እስከ 40 ኑክሊዮታይድ ርቀት ላይ፣ የቅርንጫፍ ነጥብ የሚባለው A ይገኛል። ዩ1 የተባለው ቅንጣት GU ላይ፣ ዩ2 ደግሞ ቅርንጫፍ ነጥቡ ላይ ይቀመጣሉ። ዩ4፣ ዩ5 እና ዩ6 ሲጨመሩ ስፕላይሶሶሙ ይሟላል። መቁረጡ ሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ A የኢንትሮኑን መነሻ ይይዝና ኢንትሮኑ እንደ ሸምቀቆ ገመድ ይጠለፋል፤ ቀጥሎ የፊተኛው ኤክሶን ጫፍ ከኋለኛው ጋር ይገጥማል፣ ሸምቀቆውም ይጣላል።

ምርጫው የሚመጣው ሁሉም የመቁረጫ ቦታ እኩል ጠንካራ ስላልሆነ ነው። ከዩ1 ጋር በደንብ የማይገጥም GU ወይም አጭር የ C እና U ረድፍ ያለበት ኤክሶን ረዳት ይፈልጋል። ኤስአር ፕሮቲኖች በኤክሶኑ ውስጥ ያሉ አበረታች ቅደም ተከተሎችን ይዘው ዩ1ንና ዩ2ን ወደ አካባቢው ይስባሉ። ኤችኤንአርኤንፒ የሚባሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፋኝ ቅደም ተከተል ላይ ተቀምጠው ይከለክላሉ። የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠን በነርቭ ሕዋስ፣ በጡንቻና በጉበት ስለሚለያይ ያው ቅድመ ኤምአርኤንኤ በየቦታው ሌላ ውጤት ይሰጣል።

የካልሲቶኒን ጂን ጥሩ ማሳያ ነው። በታይሮይድ ሲ-ሕዋሳት ኤክሶን 1፣ 2፣ 3 እና 4 ተገጣጥመው የ32 አሚኖ አሲዱን ሆርሞን ካልሲቶኒንን ያስገኛሉ። በነርቭ ሕዋሳት ኤክሶን 4 ተዘሎ 3 በቀጥታ ከ5 ጋር፣ ከዚያም ከ6 ጋር ይገጥማል፤ የሚገኘውም ሲጂአርፒ የተባለ የደም ሥር የሚያሰፋ የ37 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። በብዛት ደግሞ የድሮሶፊላ ዝንብ ዲስካም ጂን ይገርማል፦ በአራት ቦታ ከ12፣ ከ48፣ ከ33 እና ከ2 አማራጮች አንድ አንድ ይመረጣል፤ 12 × 48 × 33 × 2 = 38,016 ዓይነት ቅጂ ሊገኝ ይችላል።

ኤክሶን መዝለል ከአማራጮቹ አንዱ ብቻ ነው። እርስ በርስ የሚተካኩ ኤክሶኖች፣ በኤክሶን ጫፍ ላይ ያለ አማራጭ የመቁረጫ ቦታ፣ ሳይወጣ የሚቀር ኢንትሮንም አሉ። በሰው ዘንድ በብዛት የሚታየው ግን መዝለሉ ነው፤ ፈተናም የሚወደው እሱን ነው።

ጥያቄ

አንድ ጂን 5 ኤክሶኖች አሉት። ርዝመታቸው በተራ 150፣ 120፣ 99፣ 142 እና 400 ኑክሊዮታይድ ነው። የ AUG የመጀመሪያ ፊደል በኤክሶን 1 ላይ 61ኛው ነው። በሙሉው ኤምአርኤንኤ የማቆሚያ ኮዶኑ የመጨረሻ ፊደል በኤክሶን 5 ላይ 80ኛው ነው። ኤክሶን 5 እንዲህ ይጀምራል፦

```
5'-GCAAAGUGACCU...
```

ሀ) ሙሉው ፕሮቲን ስንት አሚኖ አሲድ አለው?
ለ) ኤክሶን 3 ቢዘለልስ?
ሐ) ኤክሶን 4 ቢዘለልስ? ኤምአርኤንኤው በማቆሚያ ኮዶን ምክንያት ይፈርሳል?
መ) የኢንትሮን 3 መነሻ GU ወደ AU ተለወጠ። የትኛው ኤክሶን ሊዘለል ይችላል? አንዱ ፕራይመር ከኤክሶን 2 መጨረሻ 40 ኑክሊዮታይድ ቀድሞ ቢጀምር፣ ሌላው በኤክሶን 4 60ኛው ላይ ቢያበቃ የአርቲ-ፒሲአር ውጤቱ ስንት ይሆናል?

አሠራር

ሀ) ከኤክሶን 1 የሚተረጎመው 150 − 60 = 90 ነው። 60ዎቹ ሳይተረጎሙ የሚቀሩ ናቸው፤ እነሱን መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። 90 + 120 + 99 + 142 + 80 = 531። 531 ÷ 3 = 177 ኮዶን፤ የመጨረሻው ማቆሚያ ስለሆነ 176 አሚኖ አሲድ።

ለ) 99 ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የንባብ ፍሬሙ አይዛባም። 33 አሚኖ አሲዶች ይወጣሉ፣ 143 ይቀራሉ። እዚህ ላይ ብቻ መቆም አይገባም፤ ኤክሶኑ የሚጀምረው በኮዶን መሐል ከሆነ በመጋጠሚያው ላይ አዲስ ኮዶን ይፈጠራል፣ ማቆሚያም ሊሆን ይችላል። ከኤክሶን 3 በፊት 210 አለ፣ 210 ÷ 3 = 70፤ መነሻው የኮዶን ድንበር ስለሆነ መጋጠሚያው ንጹሕ ነው።

ሐ) 142 = 47 × 3 + 1፤ ቀሪ 1 ስላለ ፍሬሙ ይዛባል። ከመጋጠሚያው በፊት 90 + 120 + 99 = 309፣ ማለትም 103 ሙሉ ኮዶን አለ። ስለዚህ ኤክሶን 5 ከመጀመሪያ ፊደሉ ይነበባል፦

```
GCA AAG UGA
```

አላኒን፣ ላይሲን፣ ማቆሚያ። ፕሮቲኑ 103 + 2 = 105 አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሙሉው ቅጂ ግን የኤክሶን 4ን የመጨረሻ ፊደል ከ GC ጋር አጣምሮ ቀጥሎ AAA GUG ACC ብሎ ስለሚያነብ ያንን UGA አያገኘውም።

ስለ መፍረሱ ብዙዎች «ያለጊዜው ማቆሚያ ስላለ ይፈርሳል» ብለው ነጥብ ያጣሉ። በደንቡ ኤምአርኤንኤው የሚፈርሰው ማቆሚያው ከመጨረሻው የኤክሶን መጋጠሚያ ቢያንስ ከ50 እስከ 55 ኑክሊዮታይድ ቀድሞ ሲገኝ ነው። እዚህ የመጨረሻው መጋጠሚያ የ3 እና የ5 ነው፤ ማቆሚያው ደግሞ ከእሱ በኋላ፣ የመጨረሻው ኤክሶን ውስጥ ነው። በደንቡ መሠረት አይፈርስም፤ የተቆረጠው ፕሮቲን ይሠራል።

መ) ኤክሶን 3። «ኢንትሮን 3 ስለተበላሸ ከኋላው ያለው 4 ይዘለላል» የሚለው መልስ የተሳሳተ ነው። GU የሚገኘው ከኤክሶን 3 በስተኋላ ነው፤ ስፕላይሶሶሙ የኤክሶን 3ን ጫፍ መለየት ስለማይችል ከኢንትሮን 2 መነሻ ቀጥታ ወደ ኢንትሮን 3 መጨረሻ ይሻገራል። የተደበቀ ሌላ GU ሊጠቀም ወይም ኢንትሮኑን ሊተወው ስለሚችል «ሊዘለል ይችላል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። የሚጠበቀው፦ ሙሉው 40 + 99 + 60 = 199 ቤዝ ጥንድ፣ የተዘለለው 100።

ሁለቱም ቅጂ ባለበት ናሙና አጭሩ በፒሲአር ይበልጥ ይባዛል፤ በአንጻሩ አጭር ዲኤንኤ ማቅለሚያ ያነሰ ስለሚይዝ ጄሉ ላይ ደብዝዞ ይታያል። ስለዚህ ከመስመሮቹ ድምቀት መጠን አይሰላም። የኤክሶን 4 መዝለል በእነዚህ ፕራይመሮች ጨርሶ አይታይም፤ ሁለተኛው የሚያርፍበት ኤክሶን 4 ራሱ የለምና።